ድረ ገጹ ፈጠነ፣ ዋጋው ግን የቅድሙ ነው፦ ሬዲስን ከዳታቤዝ ፊት ስናስቀምጥ

ስልክ የሚሸጥ አንድ የኦንላይን ሱቅ አለ እንበል። የፊት ገጹ ላይ «በሳምንቱ በብዛት የተሸጡ» የሚል የ10 ዕቃ ዝርዝር አለው። ይህን ለማውጣት ዳታቤዙ የ7 ቀን ትዕዛዞችን በሙሉ ማንበብ፣ በየዕቃው መደመር፣ ከዚያም መደርደር አለበት። ይሄ 4 ሰከንድ ይፈጃል ብለን እንውሰድ። ገጹን በደቂቃ 200 ሰው ከከፈተው ዳታቤዙ ያንኑ ስሌት 200 ጊዜ ይደግማል፤ መልሱ ግን በደቂቃ ውስጥ እምብዛም አይለወጥም።

ሬዲስ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። መረጃውን ራም ላይ ስለሚይዝ የተቀመጠን መልስ ለማምጣት ጊዜ አይፈጅበትም። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ሬዲስን ይጠይቃል። እዚያ ካጣው ወደ ዳታቤዙ ሄዶ ያሰላና፣ መልሱን ከማብቂያ ጊዜ ጋር ሬዲስ ውስጥ ያስቀምጠዋል።

```
GET top:week
SET top:week "[41,7,93]" EX 300
```

`EX 300` ማለት ከ300 ሰከንድ በኋላ ይጥፋ ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ ግን ገጹ የሚያሳየው የቆየውን ነው። ስለዚህ ይህን ቁጥር ስንጽፍ «የቆየ መረጃ ለስንት ጊዜ ብናሳይ ማንም አይጎዳም?» ለሚለው ጥያቄ መልስ እየሰጠን ነው።

እስቲ በዋጋ እንየው። ብዙ ሰው የዕቃውን ስም፣ ፎቶና ዋጋ አንድ ላይ ጠቅልሎ ካሽ ያደርጋል። ሱቁ አንዱን ስልክ ከ18,000 ወደ 19,500 ብር ቢያሳድገው፣ የፊት ገጹ እስከ 5 ደቂቃ ድረስ 18,000 እያለ ይቀጥላል። ደንበኛው ያንን አይቶ ይገባል፣ መክፈያው ላይ ሲደርስ 19,500 ይባላል። «አታለሉኝ» ቢል ማን ይፈርድበታል?

ልብ ካላችሁ ከላይ ያስቀመጥነው የዕቃዎቹን መለያ ቁጥር ብቻ ነው። 4 ሰከንድ የሚፈጀው ድምሩና ድርደራው ነው እንጂ የ10 ዕቃ ዋጋ በመለያ ቁጥር ማምጣት አይደለም፤ እሱ ለዳታቤዙ ቀላል ሥራ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ከሬዲስ፣ ዋጋውን ከዳታቤዙ እናመጣለን። ሦስተኛው ዕቃ ለ5 ደቂቃ ሁለተኛ ሆኖ ቢታይ ማንም አይከስርም። ክፍያ ላይ ደግሞ ዋጋው ሁልጊዜ ከዳታቤዙ ይነበብ።

ዋጋውንም ካሽ ማድረግ የግድ ከሆነስ? ያኔ ዋጋው ሲቀየር ካሹን በ`DEL` ማጥፋት ነው፤ ግን ለውጡ ዳታቤዙ ላይ ከጸደቀ በኋላ። ቀድመን ካጠፋነው በመሃል የመጣ ጎብኚ አሮጌውን ዋጋ አንብቦ መልሶ ይሞላዋል። በኋላ ብናጠፋም ትንሽ ቀዳዳ ትቀራለች፦ ከለውጡ በፊት ያነበበ፣ ግን ካጠፋን በኋላ የሚጽፍ ሊኖር ይችላል። እሱን የሚያጸዳልን ማብቂያው ጊዜ ነው፤ «በእጃችን እናጠፋለን» ብለን ልናስቀረው አይገባም።

የማብቂያ ጊዜው ሳይታወቅ የሚጠፋበት አጋጣሚም አለ። ሌላ የኮዱ ክፍል ያንኑ ቁልፍ ያለ `EX` በ`SET` ከጻፈበት፣ ሬዲስ የቀድሞውን ማብቂያ ይሰርዘዋል። መረጃው እዚያው ተቀምጦ ይከርማል። ለማወቅ ቀላል ነው፦

```
TTL top:week
```

ቁጥር ከመጣ የቀረው ሰከንድ ነው። `-2` ከሆነ ቁልፉ የለም። `-1` ካያችሁ ግን ማብቂያ የለውም ማለት ነውና ኮዱን ፈትሹ።

የመጨረሻው ጣጣ ካሹ የሚጠፋበት ቅጽበት ነው። አዲሱ ስሌት 4 ሰከንድ ይወስዳል፤ በደቂቃ 200 ሰው በሚመጣበት ገጽ በዚህች ጊዜ 13 ያህል ሰው ይደርሳል። ሁሉም ካሹን ባዶ ስለሚያገኙት ሁሉም ዳታቤዙ ላይ ይወርዳሉ። 13ቱ ሲሻሙ ደግሞ 4 ሰከንዱ ራሱ ይረዝማል። በየ5 ደቂቃው እየጠበቀ የሚንገዳገድ ሰርቨር ካጋጠማችሁ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይሄ ነው።

መፍትሔው አሮጌውን ቶሎ አለመጣል ነው። ማብቂያውን 1 ሰዓት እናደርገውና ዝርዝሩ የተሰላበትን ሰዓት አብረን እናስቀምጣለን። 5 ደቂቃ ያለፈው ሆኖ ያገኘው ጎብኚ ይህን ይሞክራል፦

```
SET lock:top:week 1 NX EX 15
```

`NX` ቁልፉ ከሌለ ብቻ ጻፍ ማለት ነው። ሬዲስ ትዕዛዞችን አንድ በአንድ ስለሚፈጽም `OK` የሚባለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱ ያሰላል። ሌሎቹ ሳይጠብቁ የቆየውን ዝርዝር ያያሉ። 15 ሰከንዱ ከ4 ሰከንዱ ሰፋ ያለው አውቀን ነው፤ ስሌቱ ቢዘገይ ሌላ ሰው ቶሎ እንዳይደርብበት፣ የሚያሰላው ፕሮግራም መሃል ላይ ቢሞት ደግሞ ቁልፉ ራሱ ጠፍቶ ሌላው እንዲቀጥል።