ጳጉሜ 6ን የበላ "ማስተካከያ"

አክስቴ መስከረም 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን በሌሊት ተነስታ አዲስ አበባ ገባች። የሐኪም ቀጠሮዋ መስከረም 22 ነው። ስልኳ ደግሞ "ዛሬ መስከረም 22" ይላታል። ካርድ ክፍል ስትደርስ "እማማ፣ ቀጠሮዎት እኮ ነገ ነው" ተባለች። ማታ እኛ ቤት ቡና እየጠጣን "ልጄ፣ የተሳሳተው ስልኩ ነው ወይስ እኔ?" አለችኝ።

የተሳሳተው ስልኩ ነበር። መተግበሪያውን የጫንኩላት እኔ ነኝ። ይባስ ብሎ፣ ከሠሩት አራት በጎ ፈቃደኞችም አንዱ እኔ ነኝ።

ስህተቱ ቀላል ነው። ጳጉሜ በየአራት ዓመቱ 6 ቀን ትሆናለች። በእኛ አቆጣጠር ይህ የሚሆነው ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል 3 ሲተርፍ ነው፤ 2011 እና 2015 እንዲህ ናቸው። ከእኛ አንዱ ግን በፈረንጆቹ ልማድ ምንም የማይተርፍበትን ዓመት ወስዶ ኖሯል፦

```
year % 4 === 0   // የተሳሳተው
year % 4 === 3   // ትክክለኛው
```

ስለዚህ መተግበሪያው የ2015ን ጳጉሜ 6 ዘሎ በቀጥታ መስከረም 1 ገባ። ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን እየቀደመ ይሄድና ለ2016 የማይገባትን ጳጉሜ 6 ሲሰጣት ራሱን ያስተካክላል። ከአራት ዓመት ሦስቱን ትክክል ስለሚሆን ማንም አይጠረጥረውም።

እዚህ ድረስ ተራ ስህተት ነው። ያሳፈረኝ ቀጥሎ ያየሁት ነው። ኮዳችን የሚቀመጠው በጊት ነው። ጊት እያንዳንዱን ለውጥ "ኮሚት" ብሎ ከአጭር ማስታወሻ ጋር ይመዘግባል። ስህተቱ መቼ ገባ ብዬ መዝገቡን ብከፍተው ይህን አገኘሁ፦

```
71be004 ማስተካከያ
0d5e8aa ማስተካከያ 2
a3f9c21 update
```

ከዚህ ምን ይነበባል? ምንም። `git bisect` የሚባለውን ትእዛዝ ተጠቀምኩ። መዝገቡን መሃል ላይ ይከፍልና "እዚህ ጋ ስህተቱ አለ ወይስ የለም?" እያለ ይጠይቃል፤ 120 ኮሚት ቢኖር በ7 ጥያቄ ገደማ ጥፋተኛውን ያወጣዋል። አወጣውም፤ "ማስተካከያ" የሚለው ነበር። ውስጡ ግን 14 ፋይል ነክቷል፤ የቀን ስሌት፣ የፊደል መጠን፣ የአፋን ኦሮሞ ትርጉም፣ ሁሉም በአንድ ተጠቅልሏል። በ`git revert` ልሰርዘው ብል ትርጉሙም አብሮ ሊሄድ ነው። በእጄ እየለቀምኩ አስተካከልኩት።

ከጨረስኩ በኋላ ነው ሌላውን ያየሁት። አንዲት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ይህንኑ ስህተት አግኝታ ማስተካከያውን ጳጉሜ 1 ቀን ልካልን ነበር። አክስቴ ከመሳፈሯ 26 ቀን በፊት ማለት ነው። የላከችው ከጊትሃብ ድረ ገጽ ላይ ስለሆነ ብራንቹ (ለውጡ ለብቻው የሚሠራበት ቅርንጫፍ) ጊትሃብ ራሱ የሰጠውን ስም ይዟል፦ `patch-1`። ርእሱም `Update calendar.js` ነው። አራታችንም በስልካችን አይተን አልፈነዋል። አስቸኳይ መሆኑን የሚናገር አንድም ቃል አልነበረውም፤ እኛም አልጠየቅናትም።

በዚያው ሳምንት `CONTRIBUTING.md` የሚል ፋይል ከፈትን። ይህ ፋይል በፕሮጀክቱ ውስጥ ካለ፣ አዲስ ሰው ለውጥ ሊልክ ሲል ጊትሃብ ሊንኩን ያሳየዋል። የመጀመሪያውን ረቂቅ ከአንድ ትልቅ ፕሮጀክት ገልብጠን ስድስት ገጽ አደረስነው። እኛው ራሳችን አንብበን አልጨረስነውም። ቀደድንና አንድ ገጽ ጻፍን።

ስለ ብራንች ስም ያልነው አጭር ነው፤ የሥራው ዓይነት፣ የተመዘገበው ችግር ቁጥር፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ቃል።

```
git switch -c fix/31-pagume-6
```

ስሙን ያየ ሰው ስሌት የሚያርም መሆኑንና ዝርዝሩ ቁጥር 31 ላይ እንዳለ ያውቃል። አማርኛ ስም ጊት ይቀበላል፤ ነገር ግን ተርሚናል ላይ ለመጻፍ ኪቦርድ መቀያየር ስለሚያሰለች በላቲን ፊደል ይሁን አልን። መጀመሪያ ቀን ግን ትእዛዙ እምቢ አለኝ፤ `cannot lock ref` የሚል መልእክት አመጣ። ለካ ድሮ `fix` ብቻ ብዬ የከፈትኩት ብራንች ነበረ። ጊት ውስጥ `fix` የሚባል ብራንች ካለ `fix/` ብሎ የሚጀምር ሌላ መክፈት አይቻልም፤ በአንድ ቦታ ፋይልና ፎልደር አንድ ስም ሊይዙ እንደማይችሉ ማለት ነው። አሮጌውን ሳጠፋው ተከፈተ።

ኮሚት ላይ በጣም ተከራከርን። የተስማማነው አንድ ኮሚት አንድ ጉዳይ ብቻ እንዲይዝ ነው። የመጀመሪያው መስመር 50 ፊደል አካባቢ ይሁን፤ ከዚያ ከረዘመ ስልክ ላይ ይቆረጣል። እንደ ትእዛዝ ይጻፍ፤ ከሥሩ አንድ መስመር ባዶ ይተውና ምክንያቱ ይነገር። ምን እንደተቀየረማ ኮዱ ራሱ ያሳያል፤ ለምን እንደተቀየረ ግን ካልጻፋችሁት ከሦስት ወር በኋላ እናንተም አታስታውሱትም። የጳጉሜ 6 ኮሚት ዛሬ ቢጻፍ እንዲህ ነው፦

```
ጳጉሜ 6 የሚውልበትን ዓመት አስተካክል

ስሌቱ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 0 ሲተርፍ ይቆጥር ነበር።
ትክክለኛው ቀሪ 3 ነው፤ ለምሳሌ 2015።
ችግር #31
```

አማርኛው ያጨቃጨቀን ነው። አንዳችን "ሌላ አገር ያለ ሰው እንዴት ይረዳዋል?" አለ። እኔ ደግሞ መተግበሪያው የእኛ ቀን መቁጠሪያ ስለሆነ የሚያግዘንም አማርኛ የሚያነብ ሰው ነው ባይ ነኝ። በእንግሊዝኛ የጻፈም አይመለስም ብለን ተውነው።

የሚበዛው የገጹ ክፍል ግን ስለ ሪቪው፣ ማለትም የሌላውን ሥራ አይቶ ስለ ማጽደቅ ነው። ደንቡ መጀመሪያ እኛን ያስራል። ለውጥ የላከ ሰው በ3 ቀን ውስጥ መልስ ያገኛል፤ "አይቼዋለሁ፣ ቅዳሜ አነበዋለሁ" ማለትም መልስ ነው። በ7 ቀን ካልታየ ላኪው ሳይሳቀቅ አራታችንንም ስም ጠርቶ ይጠይቅ። ማንም የራሱን ሥራ ራሱ አያጸድቅም። ገምጋሚው አስተያየቱ ላይ "ግዴታ" ወይም "ምርጫ" ብሎ ይጻፍ። ያለበለዚያ ጀማሪ ሰው ስለ አንድ የተለዋዋጭ ስም የተሰጠውን አስተያየት እንደ ውድቀት ይቆጥረዋል።

ቀን የሚነካ ለውጥ ከሆነ ኮዱን በዓይን ማየት አይበቃም። ገምጋሚው ብራንቹን በስልኩ አስነስቶ ሦስት ቀን ይሞክራል። መስከረም 11 ቀን 2023 እንደ ፈረንጆቹ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 መሆን አለበት፤ በማግስቱ መስከረም 1 ቀን 2016። መስከረም 11 ቀን 2022 ደግሞ መስከረም 1 ቀን 2015። ሦስተኛው የገባው ጳጉሜ 5 ቀን የሆነችበትንም ዓመት ለማየት ነው፤ ሁለቱን ብቻ ብንሞክር ጳጉሜን ሁልጊዜ 6 የሚያደርግ ኮድም ያልፍ ነበር።

እውነቱን ለመናገር የ3 ቀኑን ደንብ ፈተና ሰሞን ሁለት ጊዜ ጥሰነዋል። አሁን ማን ተረኛ እንደሆነ ገጹ ላይ በየሳምንቱ እንጽፋለን።

ለተማሪዋ ይቅርታ ጠይቄ ጻፍኩላት። "ችግር የለም፣ አሁን ሥራ ጀምሬያለሁ" ብላ መለሰች፤ ሌላ ለውጥ ግን አልላከችም። እኔ በእጄ የሠራሁትን አንስቼ የእሷን ኮሚት በ`git cherry-pick` አስገባሁት፤ እንዲህ ሲደረግ የጻፈው ሰው ስም ይጠበቃል። ርእሱን አስተካክዬዋለሁ። መዝገቡ ላይ ጳጉሜ 6ን የመለሰችው እሷ ናት፤ ቀኑም ጳጉሜ 1 ይላል።