የኔትዎርክ ጌም ገጸ ባሕርይ ለምን ይንገጫገጫል?

ብዙ ሰው አብሮ በሚጫወተው የኔትዎርክ ጌም የሌላ ተጫዋች ገጸ ባሕርይ ሲንገጫገጭ ጥፋቱ ወዲያው የሚጣለው በመዘግየት ላይ ነው። መዘግየት ብቻውን ግን እንቅስቃሴን አይቆራርጥም። እያንዳንዱ መልእክት እኩል 100 ሚሊሰከንድ ቢዘገይ፣ ሩጫው ዘግይቶ ይታያል እንጂ ልስላሴውን አያጣም። ችግሩን የሚያመጡት የመልእክቶቹ ጥቂትነትና የመድረሻ ሰዓታቸው መዛነፍ ናቸው።

ሰርቨሩ የአንድን ሯጭ ቦታ በሰከንድ 20 ጊዜ ይልካል፣ ስክሪኑ ደግሞ በሰከንድ 60 ፍሬም ይስላል እንበል። ሯጩ በሰከንድ 4 ሜትር ቢጓዝ በሁለት መልእክቶች መካከል 20 ሳንቲሜትር ይሄዳል። ተቀባዩ ኮምፒውተር ቦታውን እንደደረሰው ከሳለው፣ ሯጩ ለሁለት ፍሬም ቆሞ በሦስተኛው 20 ሳንቲሜትር ይዘላል። አንዱ መልእክት ከዘገየና ተከታዩ በእግሩ ከደረሰ ዝላዩ ይብሳል።

መፍትሔው ሌሎችን ተጫዋቾች ሆን ብሎ ጥቂት ወደኋላ ባለ ሰዓት መሳል ነው። የቫልቭ ኩባንያ ሶርስ የተባለው የጌም ሞተር በመደበኛ ቅንብሩ የሚሠራው በዚህ መንገድ ሲሆን፣ በሰከንድ 20 መልእክት እየተቀበለ ሌሎቹን በ100 ሚሊሰከንድ ወደኋላ ያሳያል። በስክሪኑ ላይ 9.92ኛው ሰከንድ ሲሳል፣ ሯጩ በ9.90 ላይ 6 ሜትር፣ በ9.95 ላይ ደግሞ 6.20 ሜትር ላይ እንደነበር ኮምፒውተሩ አስቀድሞ ያውቃል። በሁለቱ መካከል አስልቶ 6.08 ሜትር ላይ ያስቀምጠዋል። የ9.95ቱ መልእክት መንገድ ላይ ቢጠፋ እንኳ የ10.00ው በሰዓቱ ከደረሰ በ9.90 እና በ10.00 መካከል ማስላት ይቻላል። ተከታትለው ብዙ ከጠፉ ግን የቀረው ምርጫ በመጨረሻው ፍጥነት ወደፊት መገመት ነው። ሯጩ በዚያች ቅጽበት ከታጠፈ ግምቱ ግድግዳ ውስጥ ሊከተው ስለሚችል፣ ሶርስ ግምቱን በሩብ ሰከንድ ይገድበዋል።

ቦታው ከለሰለሰ በኋላም እግሮቹ ሊንገጫገጩ ይችላሉ፤ ብዙ ሠሪዎች የሚቸገሩትም እዚህ ላይ ነው። የእያንዳንዱን መገጣጠሚያ አቀማመጥ በኔትዎርክ መላክ ውድ በመሆኑ አብዛኛው ጌም ቦታን፣ አቅጣጫንና ሁኔታን ብቻ ይልካል። አኒሜሽኑን የሚመርጠው ተቀባዩ ነው። ፍጥነቱን በየፍሬሙ ካልለሰለሰው ቦታ ካሰላ የሚያገኘው ዜሮ፣ ዜሮ፣ ከዚያም በሰከንድ 12 ሜትር ይሆናል። እውነተኛው ፍጥነት 4 ሜትር ሆኖ ሳለ አኒሜሽኑ ከመቆም ወደ ፈጣን ሩጫ፣ ከሩጫ ወደ መቆም ይዋልላል። ስለዚህ ፍጥነቱም መለካት ያለበት በስክሪኑ ላይ ከሚታየው ከለሰለሰው ቦታ ነው። የእግሩ ዑደትም ከሰዓት ይልቅ ከተጓዘው ርቀት ጋር ቢታሰር ይመረጣል። አንድ ሙሉ የሩጫ ዑደት 2.5 ሜትር የሚሸፍን ከሆነ፣ አካሉ ግማሽ ሜትር ሲሄድ ዑደቱ በአንድ አምስተኛው ይራመዳል። እንዲህ ሲሆን አካሉ ሲዘገይ እግሩም ይዘገያል፤ መሬት ላይ መንሸራተቱም ይቀራል።

እንደ ሰይፍ ምት ያሉ አንዴ ተጀምረው የሚያልቁ ድርጊቶች ሌላ አያያዝ ይፈልጋሉ። «አሁን መታ» የሚል አንድ ነጠላ መልእክት ከጠፋ ምቱም አብሮ ይጠፋል። የተሻለው ዘዴ በእያንዳንዱ መልእክት ውስጥ የምቶችን ቁጥርና የመጨረሻው ምት የተጀመረበትን የሰርቨር ሰዓት ማካተት ነው። ቁጥሩ ከ7 ወደ 8 ሲቀየር ተቀባዩ አዲስ ምት እንዳለ ያውቃል፤ አንዱ መልእክት ቢቀርም ተከታዩ ያንኑ ይነግረዋል። ምቱም መታየት ያለበት አካሉ በሚታይበት በዚያው ወደኋላ ባለ ሰዓት ነው፤ አለዚያ ሯጩ ሳይደርስ ሰይፉ ይወርዳል። የ0.6 ሰከንድ ምት ዜና 0.2 ሰከንድ አርፍዶ ከደረሰ፣ አኒሜሽኑን ከመጀመሪያው በ1.5 እጥፍ ፍጥነት አጫውቶ በሰዓቱ መጨረስ ይቻላል።

ተጫዋቹ የሚመራው የራሱ ገጸ ባሕርይ በዚህ መንገድ አይሳልም፤ ቁልፍ በተጫነ ቁጥር መልስ ካልሰጠ የዘገየ ይመስላልና። ከ1996ቱ ኩዌክወርልድ ጀምሮ የተለመደው፣ ኮምፒውተሩ የሰርቨሩን መልስ ሳይጠብቅ እንዲያንቀሳቅሰውና ልዩነት ሲገኝ እንዲያርመው ነው። እርማቱ እንዳይዘል ለግጭት የሚያገለግለው ስውር አካል ወዲያው ወደ ትክክለኛው ቦታ ይዛወራል፤ የሚታየው ምስል ግን በአሥረኛ ሰከንድ ገደማ ቀስ ብሎ ይከተለዋል።

ጉድለቱ የት እንዳለ ለመለየት በመሞከሪያ ኔትዎርክ ላይ ሰው ሠራሽ መዘግየትና መዛነፍ ጨምሮ ስውሩን አካል በስክሪኑ ላይ መሳል ይረዳል። ስውሩ አካል ራሱ የሚዘል ከሆነ ችግሩ በመልእክቶቹ ወይም ወደኋላ በተያዘው ሰዓት ማነስ ነው። እሱ እየለሰለሰ እግሮቹ ብቻ ከተንገጫገጩ ግን ኔትዎርኩን መነካካት ትርፉ ድካም ነው፤ መፈተሽ ያለበት ለአኒሜሽኑ የሚሰጠው ፍጥነት ነው።