ከ«ነው» ወደ «ይገባል»

ዴቪድ ሂዩም ስለ ሰው ተፈጥሮ የጻፈውን ትልቅ ድርሳን ሦስተኛ ቅጽ በ1740 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም ገና የ29 ዓመት ወጣት ነበር። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ቅጽ የመጀመሪያ ክፍል መጨረሻ ላይ፣ ነገሩን ከቋጨ በኋላ ትዝ እንዳለው ሁሉ፣ አንዲት አጭር አንቀጽ ጨመረ። ስለ ሥነ ምግባር የሚጽፉ ሰዎችን ሲያነብ አንድ ነገር ደጋግሞ ይገርመው እንደነበር ይናገራል። ጸሐፊው እግዚአብሔር መኖሩን ያስረዳል፣ ወይም ሰዎች እንዴት እንደሚኖሩ ይተርካል፤ እስከዚህ ድረስ ዐረፍተ ነገሮቹ ሁሉ «ነው» እና «አይደለም» እያሉ ይሄዳሉ። ከዚያ ሳይታሰብ ሁሉም «ይገባል» እና «አይገባም» ማለት ይጀምራሉ። ሂዩም የጠየቀው ይህ አዲስ ግንኙነት ከየት እንደመጣና ከእርሱ ፍጹም ከሚለዩት ከቀደሙት እንዴት እንደወጣ ምክንያቱ እንዲነገረው ብቻ ነው።

ዛሬ ሜታኤቲክስ በሚባለው ዘርፍ፣ ማለትም «ምን ማድረግ አለብኝ?» ከማለት ይልቅ «ግዴታ ራሱ ምን ዓይነት ነገር ነው? እንዴትስ ይታወቃል?» ብሎ በሚጠይቀው የፍልስፍና ክፍል፣ ይህችን አንቀጽ ሳይነካ የሚያልፍ የለም። ብዙዎች ግን ከክፍሉ ነጥለው ስለሚያነቧት ሂዩም ከእርሷ በፊት ምን ሲል እንደነበር ይዘነጋል። ከገጾቹ አንዱ ላይ የወርካን ያህል ግዙፍ የሆነውን የአገሩን የኦክ ዛፍ ያመጣል። ከዛፉ የወደቀ ፍሬ ከሥሩ ይበቅላል፣ ያድጋል፣ በመጨረሻም ወላጁን በልጦ ያጠፋዋል። አባቱን በገደለ ልጅና በዚህ ቡቃያ መካከል ያለው ዝምድና አንድ ነው፤ ልጅ የተገኘበትን አጠፋ። ሆኖም ቡቃያውን ክፉ የሚለው የለም። «ሰውዬውማ አስቦበት ነው፣ ፈቃድ አለው» ቢባል ሂዩም መልስ አለው፦ ፈቃዱ ድርጊቱ የመጣበት ምክንያት እንጂ በገዳይና በሟች መካከል ያለ ሌላ ዝምድና አይደለም። ቀጥሎ ሆነ ተብሎ የተፈጸመ ግድያን ውሰዱና ከየአቅጣጫው መርምሩ ይለናል። ስሜት፣ ዓላማ፣ ፈቃድ፣ ሐሳብ ታገኛላችሁ። ክፋት የምትሉትን ግን ፊታችሁን ወደ ራሳችሁ ልብ መልሳችሁ በውስጣችሁ የሚነሣውን ጥላቻ እስክታዩ ድረስ አታገኙትም።

እንግዲህ ሂዩም ጥያቄውን ያነሣው የራሱን መልስ ይዞ ነው፤ ግዴታን የሚወልደው ስሜት ነው። በዚህ መልስ ያልተስማማ ሰው ግን ጥያቄውን አብሮ ሊጥለው አይችልም።

ጥያቄው በተግባር ምን እንደሚሠራ ለማየት ለእኛ ቅርብ የሆነ ጽሑፍ አለ። በዘርዓ ያዕቆብ ስም የሚታወቀው «ሐተታ» በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንደተጻፈ የሚነገርለት የግዕዝ ድርሰት ነው። የኢጣሊያው ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ከ1920 ጀምሮ ደራሲው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ካቶሊክ ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ብሎ ስለተከራከረ የባለቤትነቱ ነገር እስከ ዛሬ ያጨቃጭቃል። ለእኛ ጉዳይ ማን ጻፈው የሚለው አያስቸግረንም። ደራሲው ብዙ ሚስት ማግባትን የሚነቅፈው በቁጥር ነው፦ ወንዶችና ሴቶች በእኩል ቁጥር ይወለዳሉ፤ አንዱ ወንድ ዐሥር ቢያገባ ዘጠኙ ያለ ሚስት ይቀራሉ፤ ስለዚህ አንድ ለአንድ ነው የሚገባው።

እስቲ ቀስ ብለን እንፈትሸው። የቆጠራው ሐቅ በግምት ልክ ነው። በትክክል ሲቆጠር በተፈጥሮ ከ100 ሴቶች ጋር 105 ያህል ወንዶች ይወለዳሉ። ይህች ትንሽ ልዩነት ግን ድምዳሜውን ታናውጠዋለች? ወንዶች ከበዙ አንዲት ሴት ለሁለት ባል ትሁን የሚል እንዳይመጣ የሚከለክል ነገር በቁጥሩ ውስጥ የለም። ጦርነት የአንድ ትውልድ ወንዶችን ጨርሶ ሁለት ሴት ለአንድ ወንድ ቢደርስስ፣ ሁለት ሚስት ማግባት ግዴታ ሊሆን ነው? ደራሲውም አንባቢውም አይሆንም ይላሉ። እንግዲያው ሸክሙን የተሸከመው ቁጥሩ ብቻ አልነበረም። ከበስተጀርባው ሌሎች ሁለት ሐሳቦች አሉ፤ አንዱ ፈጣሪ በፍጥረቱ ሥርዓት ፈቃዱን ይገልጣል የሚል፣ ሌላው ማንም ሌላውን ከትዳር ሊያጎድል አይገባም የሚል። ሁለተኛው በግልጽ የ«ይገባል» ዐረፍተ ነገር ነው። የመጀመሪያውም ቢሆን «የፈጣሪ ፈቃድ ሊፈጸም ይገባል» የሚል ጓደኛ ካላገኘ ብቻውን የትም አይደርስም።

ይህን ስል ደራሲውን ስህተተኛ ማለቴ አይደለም። እነዚያን ሐሳቦች በሌላ ቦታ በግልጽ ይዟቸዋልና ሙግቱ ሙሉ ነው። የጎደለው ቢኖር ቁጥሩ ብቻውን ተናገረ ብሎ የሚያነበው ሰው ንባብ ነው። «ፈጣሪ ፈጥሮናልና ልንታዘዘው ይገባል» ብሎ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ቢኬድም ያው ጥያቄ ይከተላል፤ «ፈጥሮናል» ሐቅ ነው፣ «ልንታዘዘው ይገባል» ሌላ ነው። ሂዩም ከእግዚአብሔር መኖር የሚጀምሩትን ጸሐፊዎች በስም ሳይጠራ የወቀሰው በዚህ ምክንያት ነበር።

ከአመክንዮ አንጻር እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ይመስላል። በትክክለኛ ሙግት ድምዳሜው ላይ በመነሻዎቹ ውስጥ ያልነበረ ነገር ብቅ ሊል አይችልም፤ «ይገባል» ከመነሻዎቹ ከሌለ በድምዳሜውም አይኖርም። ሆኖም የኒው ዚላንዱ አመክንዮ ሊቅ አርተር ፕራየር በ1960 ይህን ደንብ የሚያናጋ ምሳሌ አመጣ። «እንግሊዝ አገር ሻይ መጠጣት የተለመደ ነው» ከሚለው ሐቅ «ወይ እንግሊዝ አገር ሻይ መጠጣት የተለመደ ነው፣ ወይ የኒው ዚላንድ ሰዎች ሁሉ ሊረሸኑ ይገባል» የሚለው ያለ ጥርጥር ይከተላል። «ወይ» ያለበት ዐረፍተ ነገር እውነት እንዲሆን አንዱ ጎኑ እውነት መሆኑ ይበቃዋልና። አሁን ይህ ድምዳሜ የሥነ ምግባር ዐረፍተ ነገር ነው ወይስ አይደለም? ነው ካልን ከሐቅ ብቻ ግዴታ ተወለደ። አይደለም ካልንም አናመልጥም፤ «ሻይ መጠጣት የተለመደ አይደለም» የሚል ሌላ ሐቅ ብንጨምርበት «ሊረሸኑ ይገባል» የሚለው ብቻውን ወጥቶ ይቀራል።

ፕራየር የራሱን አገር ሰዎች ለምሳሌነት መምረጡ ፈገግ ያሰኛል እንጂ ችግሩ ቀልድ አልነበረም። ከተሰጡት መልሶች እኔን የሚያሳምነኝ ቻርልስ ፒግደን በ1989 ያቀረበው ነው። በመጀመሪያው ሙግት «ሊረሸኑ ይገባል» የሚለውን አውጥተን በቦታው ሌላ ማንኛውንም ነገር፣ «ጃርት ናቸው» የሚለውን ጭምር፣ ብናስገባ ሙግቱ ልክነቱን አያጣም። ግዴታው እዚያ የተቀመጠው ለጌጥ ነው፤ የሚሠራው ሥራ የለም። የፒግደን መልስ ግን ዋጋ አለው። ስለ ጃርት ምንም ሳይባል ስለ ጃርት ቁም ነገር መደምደም እንደማይቻል ሁሉ ስለ ግዴታም እንዲሁ ከሆነ፣ ክፍተቱ የሥነ ምግባር ብቻ አይደለም ማለት ነው። ስላለፈው ብቻ ተነሥቶ ስለ ወደፊቱ፣ ስለ አንዳንዶች ብቻ ተነሥቶ ስለ ሁሉም መደምደም የማይቻለውም በተመሳሳይ መንገድ ነው። ከሂዩም አንቀጽ ተነሥተው «ስለዚህ ሥነ ምግባር እውነትነት የለውም» የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው፤ ያለፈው የወደፊቱን አያረጋግጥምና የወደፊት ጊዜ የለም የሚል የለም።

ክፍተቱን ፊት ለፊት ሊሞላ የተነሣው አሜሪካዊው ጆን ሰርል ነው። በ1964 ያሳተመው ጽሑፍ እርምጃ በእርምጃ ይሄዳል። ጆንስ የተባለ ሰው «ስሚዝ ሆይ፣ አምስት ዶላር እንደምከፍልህ ቃል እገባለሁ» የሚሉ ቃላት ተናገረ። ይህ ተራ ሐቅ ነው፤ የሰማ ይመሰክራል። እነዚህን ቃላት በተገቢው ሁኔታ የተናገረ ቃል ገብቷል። ቃል የገባ ራሱን በግዴታ አስሯል። ራሱን ያሰረ ግዴታ አለበት። ግዴታ ያለበት፣ የሚከለክለው ሌላ ነገር ከሌለ፣ ሊከፍል ይገባዋል። ከጆንስ አንደበት ተነሥተን የጆንስ ኪስ ድረስ ደረስን፤ በመሀል የሞራል መነሻ የተባለ ነገር በግልጽ አልገባም።

ብዙ አንባቢ እዚህ ላይ የተታለለ ይመስለዋል፣ የተታለለበትን ቦታ ለማሳየት ግን ይቸገራል። ሪቻርድ ሄር ጣቱን ያኖረው ከቃል መግባት ወደ ግዴታ በሚያሻግረው እርምጃ ላይ ነው። ያ እርምጃ የቃላት ፍቺ ብቻ አይደለም ይላል ሄር፤ ቃል መግባት የሚባለውን ሥርዓት የተቀበለ ሰው ብቻ የሚያጸናው ደንብ ነው። አንድ የባሕል አጥኚ «በዚህ ማኅበረሰብ ዘንድ እንዲህ ያለ ሰው ዕዳ አለበት ተብሎ ይታመናል» ብሎ ሊመዘግብ ይችላል፤ እንዲህ ስለመዘገበ ግን እርሱ ራሱ ጆንስ ሊከፍል ይገባዋል አላለም። ከሥርዓቱ ውጭ ቆሞ የሚገልጽና ከሥርዓቱ ውስጥ ሆኖ የሚናገር ሰው ቃላቸው አንድ ሊሆን ይችላል፣ የሚያስገድደው ግን የውስጠኛውን ብቻ ነው። ለእኔ ሄር ያሸነፈ ይመስለኛል፤ ይሁን እንጂ ሰርልም ባዶ እጁን አልተመለሰም። «ጆንስ ዕዳ አለበት» የሚለው «ጆንስ ረጅም ነው» እንደሚለው ያለ ሐቅ እንዳልሆነ፣ ብድር፣ ጋብቻ፣ ሹመትና ገንዘብ ሰዎች የተቀበሉት ደንብ ከውስጡ የሚኖርባቸው ሐቆች እንደሆኑ አሳይቷል። ከሐቅ ግዴታ አወጣን የምንለው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለውን ሐቅ ይዘን ስንነሣ ነው።

አንድ ነገር ግን ሊደባለቅ አይገባም። በሙግት መካከል ክፍተት መኖሩ በዓለም ውስጥ የሞራል ሐቅ አለመኖሩን አያስረዳም። ጂ ኢ ሙር በ1903 «ደስታ የሚሰጥ ነው፣ ግን መልካም ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ትርጉም እንዳለው ተመልክቶ መልካምነት ከየትኛውም የተፈጥሮ ባሕርይ ጋር አንድ አይደለም ብሎ ነበር። ዘግይተው የመጡት ሪቻርድ ቦይድና ኒኮላስ ስተርጅን የመሰሉ አሜሪካውያን ግን በውሃ መለሱለት። ኬሚስትሪ ያልተማረ ሰው «ይህ H₂O ነው፣ ግን ውሃ ነው ወይ?» ብሎ በቅንነት ሊጠይቅ ይችላል፤ ሁለቱ ግን አንድ ናቸው። አንድነታቸውን ያሳወቀን የቃል ፍቺ ሳይሆን ምርምር ነው። በሌላ በኩል ጆን ማኪ በ1977 የሞራል ፍርዶቻችን ሁሉ ሐሰት ናቸው እስከማለት ደርሷል። ሁለቱም ወገኖች የሂዩምን ክፍተት ሳይክዱ ነው የሚከራከሩት።

የቅርቡ ዝነኛ ሙከራ የሳም ሃሪስ ነው። በ2010 ባወጣው መጽሐፍ ሳይንስ የሥነ ምግባርን ጥያቄ ሊወስን ይችላል አለ፤ መልካም ማለት የሚሰማቸው ፍጥረታት ደኅንነት ስለሆነ፣ ደኅንነትም ስለ አንጎልና ስለ አኗኗር ባሉ ሐቆች ላይ ስለሚቆም። ደኅንነት ራሱ ለምን ይፈለጋል ለሚለው የሚሰጠው መልስ ከሕክምና የተወሰደ ነው፦ ሐኪም ጤና ለምን መልካም እንደሆነ ሳያስረዳ ይሠራል፣ ይህም ሕክምናን ከሳይንስነት አያወጣውም። እውነት ነው፣ ትንባሆ ለሳንባ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ክርክሩ አያስፈልግም፤ ታካሚውም ሐኪሙም ጤናን ፈልገው ነው የተገናኙት። ንጽጽሩ የሚከዳው ፍላጎቱ የጋራ መሆኑን ሲያቆም ነው። አንድ ክፍል ውስጥ አንድ የመተንፈሻ መሣሪያ ብቻ ካለና ሁለት ሕመምተኞች ቢመጡ፣ አንዱ ወጣት ሆኖ የመዳን ዕድሉ ሰፊ፣ ሌላዋ አሮጊት ሆና ቀድማ የደረሰች ብትሆን፣ የሁለቱን የደም ኦክስጅን፣ የሁለቱን ዕድሜ፣ የሁለቱን ዕድል በአኃዝ መለካት ይቻላል። ቀድሞ መድረስ ከመዳን ዕድል ጋር ሲመዘን ስንት እንደሚያህል ግን ከእነዚህ መለኪያዎች በአንዱም ላይ አልተጻፈም፤ ሐኪሞቹም ያን ሌሊት የሚከራከሩት ስለ አኃዙ አይደለም።