በየሦስት ቀኑ የሚነካካ ማስታወቂያ

በአሜሪካ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ የቤት ጽዳት ድርጅት ያላት አንዲት ኢትዮጵያዊት አለች እንበል። ደንበኞቿን የምታገኘው በጉግል ፍለጋ ላይ በምታወጣው ማስታወቂያ ነው። ቤት የሚያጸዳለት የሚፈልግ ሰው ማስታወቂያውን ይጫንና ድረ ገጿ ላይ የዋጋ መጠየቂያ ቅጽ ይሞላል። በሙያው ሰዎች አጠራር አንድ የተሞላ ቅጽ አንድ «ኮንቨርዥን» ነው። ሴትየዋ ባለፉት ወራት ለአንድ ቅጽ በአማካይ 40 ዶላር ስታወጣ ስለቆየች ይህንኑ ዒላማ አድርጋ፣ በቀን 80 ዶላር መድባ፣ ዋጋ የመቁረጡን ሥራ ለስማርት ቢዲንግ ሰጠችው።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ሂሳቧን ከፈተች። በሦስት ቀን 240 ዶላር ወጥቷል፤ የመጡት ቅጾች ግን ሦስት ብቻ ናቸው። አንዱ ቅጽ 80 ዶላር ፈጀ ማለት ነው። ደነገጠችና ዒላማውን ወደ 30 ዶላር አወረደችው። ከሁለት ቀን በኋላ ማስታወቂያውን የሚጫን ሰው ጠፋ፤ በጀቱን ወደ 120 ዶላር ከፍ አደረገችው። ሳምንቱ ሲያልቅ ደግሞ ቅጹ ብቻ ሳይሆን የስልክ ጥሪም እንዲቆጠር አዘዘች። በወሩ መጨረሻ ገንዘቡ አልቋል፤ ከለውጦቹ የትኛው እንደጠቀማት፣ የትኛው እንደጎዳት ግን እሷም ሆነች ሌላ ሰው ሊያውቅ አይችልም።

ስህተቱ የተሠራው በአራተኛው ቀን ነው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት መሣሪያው የሚያደርገውን ማየት ያስፈልጋል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2016 ስማርት ቢዲንግ ብሎ የሰየመው ይህ አሠራር በእያንዳንዱ ፍለጋ ላይ የሚካሄደውን ጨረታ ለየብቻው ይመለከታል። ፈላጊው የት እንዳለ፣ በስልክ ይሁን በኮምፒውተር፣ በስንት ሰዓት እንደሚፈልግ እያየ ቅጽ የመሙላት ዕድሉን ይገምታል፤ በግምቱም ልክ ዋጋ ይሰጣል። ነገሩን አቅልለን ስንቆጥረው፣ ዒላማው 40 ዶላር ሆኖ ዕድሉ 5 በመቶ ከሆነ ለአንድ ጠቅታ የሚያቀርበው 2 ዶላር ገደማ ነው፤ ዕድሉ 10 በመቶ ከሆነ ደግሞ 4 ዶላር። ዒላማው ወደ 30 ሲወርድ 2 ዶላሩ 1 ከ50 ይሆናል። ተፎካካሪው 1 ከ80 ካቀረበ ያ ፈላጊ ከእጅ ወጣ።

ጉዳቱ ደንበኛ በማጣት ብቻ አያበቃም። መሣሪያው ግምቱን የሚያርመው ከሚመጡት ቅጾች ነው። ጨረታ መሸነፍ ሲበዛ ጠቅታ ይቀንሳል፤ ጠቅታ ሲቀንስ ቅጽ ይቀንሳል፤ ቅጽ ሲያንስ ትምህርቱ ይጓተታል። «ብዙ ወጪ አወጣ» ብላ ዒላማውን የቆረጠችው ባለቤት መሣሪያውን ያስራበችው ራሷ ናት። እርግጥ ነው፣ አንድ ቁጥር በተቀየረ ቁጥር የቀድሞው ዕውቀት ሁሉ አይሰረዝም፤ ነገር ግን በአዲሱ ዒላማ የሚያሸንፋቸው ጨረታዎች ሌሎች፣ የሚያገኛቸው ሰዎችም ሌሎች ናቸው።

የ80 ዶላሩ ቁጥር ራሱ ደግሞ ያልበሰለ ነበር። ሰው ሰኞ ማስታወቂያ ተጭኖ ሐሙስ ቅጽ ሊሞላ ይችላል፤ ከትዳር ጓደኛው ጋር ይመክራል፣ ሌላ ድርጅት ያወዳድራል። የጉግል ዋናው የኮንቨርዥን ዓምድ ደግሞ ቅጹን የሚመዘግበው በተሞላበት ቀን ሳይሆን ማስታወቂያው በተጫነበት ቀን ነው። ስለዚህ የቅርብ ቀናት ቁጥር ሁልጊዜ ከእውነተኛው ያነሰ ሆኖ ይታያል። ሴትየዋ ከሳምንት በኋላ እነዚያኑ ሦስት ቀናት ብታያቸው አምስት ቅጽ ልታገኝ ትችል ነበር፤ ወጪውም ለአንዱ 48 ዶላር ይሆናል። መዘግየቱ ባይኖር እንኳ፣ በሦስት ቀን በአማካይ ስድስት ቅጽ የሚያገኝ ሥራ ከሰባት ጊዜ አንዴ ያህል በአጋጣሚ ብቻ ሦስት ወይም ከዚያ በታች ያገኛል። እንዲህ ያለ ቁጥር አይቶ መወሰን ዕጣ አውጥቶ ከመወሰን ብዙም አይለይም።

ታዲያ ስንት ቀን ይጠበቅ? ጉግል ራሱ የሚሰጠው መለኪያ መሣሪያው ከአዲስ ዓላማ ጋር ለመላመድ እስከ 50 ኮንቨርዥን ወይም ሦስት የኮንቨርዥን ዑደት ሊወስድበት ይችላል የሚል ነው። ዑደት ማለት ደንበኛው ማስታወቂያውን ከተጫነ ጀምሮ ቅጹን እስኪሞላ የሚያልፈው ጊዜ ነው። ለጽዳት ድርጅቷ ዑደቱ አራት ቀን ከሆነ ሦስቱ ዑደት 12 ቀን ነው፤ በቀን ሁለት ቅጽ ከመጣ ደግሞ 50 ቅጽ 25 ቀን ይፈልጋል። እንግዲህ ከሁለት ሳምንት በፊት ምንም አለመንካት፣ ፍርዱን ደግሞ ወደ አራት ሳምንት ማቆየት ነው። ውጤቱ ሲመዘን የመጀመሪያው ሳምንትና የመጨረሻዎቹ አራት ቀናት ከሂሳቡ ይውጡ፤ አንደኛው የመላመጃ ጊዜ ነው፣ ሌላው ገና አልበሰለም። ገጹ ላይ የሚታየው «Learning» የሚለው ምልክት መጥፋቱ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ምልክቱ ጠፍቶም ውጤቱ ደካማ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚደረግ ለውጥ ሁሉ ግን እኩል አይመዝንም። የማስታወቂያ ጽሑፍ ማረም ወይም «የጽዳት ሥራ ቅጥር» ለሚሉ ፈላጊዎች እንዳይታይ ጥቂት ቃላት ማገድ እምብዛም አያናጋም። ዒላማንና በጀትን በአንዴ በእጅጉ መቀየር ያናጋል። ከሁሉም የሚከብደው ግን የሚቆጠረውን ነገር መቀየር ነው። ከቅጹ ጋር ጥሪም ሲቆጠር መሣሪያው የሚያሳድደው ግብ ራሱ ይለወጣል፤ ትናንት የተማረው ለዛሬው ጥያቄ መልስ አይሆንም። አንድ ቀን ከ80 ዶላር ይልቅ 150 ቢወጣም ለመደንገጥ አያበቃም። ጉግል በአንድ ቀን እስከ ዕለታዊው በጀት እጥፍ ሊያወጣ ይችላል፤ ጣሪያው የሚሰላው በወር ነው።

መጠበቅ የማይገባበትም ጊዜ አለ። አንዱ ቅጽ ሁለት ጊዜ እየተቆጠረ ከሆነ፣ ቅጹ ከተበላሸ፣ ወይም ማስታወቂያው ቨርጂኒያን «ለሚፈልጉ» ተብሎ አዲስ አበባ ላለ ሰው እየታየ ከሆነ ያኔውኑ ይታረም። ይህ የመጨረሻው ብዙዎችን ያጠምዳል፤ የቦታ ምርጫው ሳይነካ ሲተው በቦታው ያሉትን ብቻ ሳይሆን ለቦታው ፍላጎት ያሳዩትንም ይጨምራልና። ቆጠራው ለቀናት ተበላሽቶ ከነበረም እነዚያን ቀናት መሣሪያው እንዳይማርባቸው የሚያስወጣ ቅንብር አለ።

አራት ሳምንት ተጠብቆ፣ የበሰለው ቁጥር 60 ዶላር ቢያሳይስ? ሴትየዋ በመጀመሪያ ዒላማዋ ካለፈው ወር እውነተኛ ወጪ የተነሣ መሆኑን ታረጋግጥ፤ ዒላማ በምኞት ከተቀመጠ የትኛውም ትዕግሥት አያድነውም። ከዚያም አንድ ነገር ብቻ ትቀይር። ብዙ ባለሙያዎች ዒላማን በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 20 በመቶ ብቻ ማንቀሳቀስን ይመርጣሉ፤ ይህ የጉግል ሕግ ሳይሆን የልምድ መጠን ነው። ለውጡንም ከነቀኑ ትመዝግብና ሦስት ዑደት ትጠብቅ።

በወር አምስት ቅጽ ብቻ የሚያገኝ ሰው ግን 50 ቅጽ እስኪሞላ አሥር ወር ይጠብቅ ማለት አይደለም። በወር ወደ 30 ኮንቨርዥን ያልደረሰ ሂሳብ የወጪ ዒላማውን ትቶ በተመደበው በጀት በተቻለ መጠን ብዙ ኮንቨርዥን በሚለው አማራጭ ቢጀምር ይሻለዋል።