ሊኑክስን በዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ፦ ደብሊውኤስኤል ወይስ ቨርቹዋል ማሽን?

ኮዱ የሚጻፈው በዊንዶውስ ላፕቶፕ ነው፤ የሚሠራው ግን ሊኑክስ በተጫነበት ሰርቨር ላይ። ሁለቱ የማይስማሙበት ነገር አለ። ለምሳሌ ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለይም፤ ሊኑክስ ይለያል። ፋይሉ `Logo.png` ሆኖ ኮዱ `logo.png` ብሎ ቢጠራው ላፕቶፑ ላይ ምስሉ ይታያል፤ ሰርቨሩ ላይ ሲጫን ግን የለም። እንዲህ ያለውን ስሕተት ቀድሞ ለመያዝ ሊኑክስን እዚያው ላፕቶፕ ላይ ማስገባት ያስፈልጋል። ዊንዶውስን ሳይነኩ ይህን ማድረግ የሚቻልባቸው ሁለት መንገዶች አሉ።

አንደኛው እንደ ቨርቹዋልቦክስ ባለ ፕሮግራም ሙሉ ቨርቹዋል ማሽን መፍጠር ነው። ሁለተኛው የማይክሮሶፍት ደብሊውኤስኤል ነው፤ ከሁለተኛው ቅጂ ጀምሮ ይህም እውነተኛ የሊኑክስ ከርነል በትንሽ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ያስነሳል። ፓወርሼልን በአድሚኒስትሬተርነት ከፍተው ይህን ይጻፉ፤ ከዚያም ላፕቶፑን ያጥፉና ያስነሱ፦

```
wsl --install
```

በዚህ ኡቡንቱ ይጫናል። ስለ ቨርቹዋላይዜሽን የሚናገር ስሕተት ከመጣ ታስክ ማናጀር ውስጥ የሲፒዩውን ገጽ ይመልከቱ፤ ተዘግቶ ከሆነ ባዮስ ውስጥ ገብቶ መክፈት ያስፈልጋል።

ራሙ 8 ጊጋባይት የሆነ ላፕቶፕ እንውሰድ። ለቨርቹዋል ማሽኑ 4 ጊጋባይት ከመደቡለት ለዊንዶውስ፣ ለብራውዘሩና ለኮድ መጻፊያው የሚተርፈው ጠባብ ነው። ደብሊውኤስኤል ግን የሚወስደው እንደ ሥራው ብዛት ነው፤ ካልገደቡት ጣሪያው የራሙ ግማሽ ነው። በዊንዶውስ የተጠቃሚ ፎልደርዎ ውስጥ `.wslconfig` የሚል ፋይል ፈጥረው ጣሪያውን ዝቅ ማድረግ ይችላሉ፦

```
[wsl2]
memory=3GB
```

ለውጡ የሚሠራው `wsl --shutdown` ብለው ዘግተው እንደገና ሲከፍቱት ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ፕሮጀክቱን በማስቀመጥ ላይ ነው። ኡቡንቱ የዊንዶውስን ዲስክ `/mnt/c` በሚል ስም ያሳያል። ፕሮጀክቱ እዚያ ከተቀመጠ እያንዳንዱ ፋይል በሁለቱ ሲስተሞች መካከል ስለሚመላለስ ሥራው ይጎተታል፤ ኮድ ሲቀየር ራሱን የሚያድሰው የሙከራ ሰርቨርም ለውጡን ላያይ ይችላል። የፊደሉ ስሕተትም እንደተደበቀ ይቀራል፤ ዲስኩ የዊንዶውስ ነውና። ስለዚህ ፕሮጀክቱን በሊኑክሱ ቤት ያስቀምጡ፦

```
mkdir ~/project
cd ~/project
```

`pwd` ሲሉ መልሱ በ`/home` ከጀመረ ትክክለኛው ቦታ ላይ ነዎት።

ታዲያ ሙሉው ቨርቹዋል ማሽን መቼ ይመረጣል? ደብሊውኤስኤል የሚያስነሳው ማይክሮሶፍት ያዘጋጀውን ከርነል ነው። የእርስዎ ሥራ ግን የከርነል ሞጁል መጻፍ፣ የኮምፒውተሩን አነሳስ መፈተሽ ወይም የፋየርዎል ደንብ መሞከር ከሆነ ከሰርቨሩ ጋር የሚመሳሰል ሙሉ ማሽን ያስፈልግዎታል። ከአደገኛ ሙከራ በፊት ስናፕሾት አንስተው፣ ነገሩ ሲበላሽ በደቂቃ ወደነበረበት መመለስም ይችላሉ። ሥራዎ ድረ ገጽ ወይም ዳታቤዝ ከሆነ ግን፣ በተለይ በ8 ጊጋባይት ራም፣ ደብሊውኤስኤል ይበቃዎታል።