ቤት ከማየት በፊት የሚሞላው ቅጽ

በአሜሪካ ሜሪላንድ ቤት ፈላጊ ባልና ሚስት ኤጀንት ዘንድ ሲሄዱ አስቀድመው መጠይቅ ይሞላሉ። ጥሩ መጠይቅ ከቤቱ ዋጋ በፊት በወር ስንት መክፈል እንደሚችሉ ይጠይቃል።

3,200 ዶላር አሉ እንበል። ለንብረት ግብርና ለኢንሹራንስ 600፣ ለነዋሪዎች ማኅበር መዋጮ 150 ሲነሳ ለባንክ የሚቀረው 2,450 ነው። ይህ በ7 በመቶ ወለድ፣ በ30 ዓመት የሚከፈል 368,000 ዶላር ገደማ ብድር ይችላል። 40,000 ቅድመ ክፍያ ካላቸው ጣሪያቸው 408,000 ነው፤ የውል መዝጊያው ወጪ ለብቻው ነው። መዋጮው ከተረሳ ጣሪያው ከ22,000 ዶላር በላይ ያለአግባብ ከፍ ይላል።

ስለ ሥራ ቦታ ሲጠየቅ ሰዓቱም መጻፍ አለበት። ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ ጠዋት የሚሄድና የሌሊት ተረኛ የሆነች ነርስ የሚነዱበት መንገድ አንድ አይደለም።

ስለ ልጆች ሲሆን ጥንቃቄ ያሻል። የ1968ቱ የፍትሐዊ መኖሪያ ሕግ በ1988 ሲሻሻል ልጆች ያሏቸውን ቤተሰቦችም ከአድልዎ ከልሏል። ስለዚህ ኤጀንቱ ስንት መኝታ ቤት እንደሚፈልጉ ይጠይቅ፤ «ይህ ሰፈር ለባለ ልጅ አይሆንም» ካለ ግን ሕግ ጥሷል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት መንገዶች የተለያየ ትምህርት ቤት ሊደርሳቸው ስለሚችል፣ ከማስታወቂያው ይልቅ የቤቱን አድራሻ ይዘው የካውንቲውን የትምህርት ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ።