ባለ ሦስት እርምጃው ዛፍ፦ የአሜሪካዊ ፑት ዋጋ አሰላል

የቺካጎ ቦርድ ኦፕሽን ገበያ እ.ኤ.አ. በ1973 ሲከፈት የሚገበያዩበት አክሲዮን የመግዛት መብት ብቻ ነበር። የመሸጥ መብት፣ በገበያው አጠራር «ፑት»፣ የመጣው በ1977 ነው። ፑት የያዘ ሰው አክሲዮኑን አስቀድሞ በተቆረጠ ዋጋ መሸጥ ይችላል፤ ግዴታ ግን የለበትም። አክሲዮኑ ከውሉ ዋጋ በታች ከወረደ ልዩነቱ የእሱ ነው፤ ካልወረደ ውሉን ይተወዋል። አውሮፓዊ በሚባለው ዓይነት መብቱን መጠቀም የሚቻለው በመጨረሻው ቀን ብቻ ሲሆን፣ አሜሪካዊው ግን እስከዚያው ባለው በየትኛውም የሥራ ቀን ያስችላል። በአሜሪካ በተናጠል ኩባንያ አክሲዮን ላይ የሚሸጡት ኦፕሽኖች ይህኛው ዓይነት ናቸው።

ፊሸር ብላክና ማይረን ሾልስ በ1973 ያሳተሙት ዝነኛ ቀመር የአውሮፓዊውን ዋጋ በአንድ መስመር ያወጣል። ለአሜሪካዊው ፑት ግን እንዲህ ያለ ቁርጥ ቀመር የለም፤ ባለመብቱ መቼ ቢጠቀምበት እንደሚሻለው አስቀድሞ አይታወቅም፣ ከስሌቱ ራሱ መውጣት አለበት። ጆን ኮክስ፣ ስቲቨን ሮስና ማርክ ሩቢንስታይን በ1979 ያሳተሙት ዘዴ ይህን የሚያደርገው በመደመር፣ በመቀነስ፣ በማባዛትና በማካፈል ብቻ ነው። ጊዜውን በአጫጭር እርምጃዎች ይከፋፍላል፤ በእያንዳንዱ እርምጃ አክሲዮኑ ከሁለት ነገር አንዱን ብቻ ያደርጋል፣ ይወጣል ወይም ይወርዳል። የሐሳቡን ጭላንጭል ያገኙት ከዊልያም ሻርፕ መሆኑን ደራሲዎቹ ራሳቸው ጽፈዋል።

እንሞክረው። አክሲዮኑ ዛሬ 100 ዶላር ያወጣል፤ የፑቱ የውል ዋጋም 100 ነው። ውሉ የሚያበቃው ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ነው፤ በሦስት እርምጃ ስንከፍለው እያንዳንዱ እርምጃ ስድስት ወር ይሆናል። በእያንዳንዱ እርምጃ ዋጋው በ1.25 ይባዛል ወይም በ0.80። ባንክ የገባ ገንዘብ በስድስት ወር 2.5 በመቶ ይወልዳል። አክሲዮኑ በመካከሉ የትርፍ ክፍፍል አይከፍልም እንበል።

ከመጀመሪያው እርምጃ በኋላ አክሲዮኑ 125 ወይም 80 ይሆናል። ከሁለተኛው በኋላ 156.25፣ 100 ወይም 64 ነው፤ ወጥቶ መውረድና ወርዶ መውጣት እዚያው 100 ላይ ይገናኛሉ፣ ዛፉን ትንሽ አድርጎ የሚያቆየውም ይህ ነው። በመጨረሻው 195.31፣ 125፣ 80 እና 51.20 ይገኛሉ። ዛሬን ጨምሮ በጠቅላላው አሥር አንጓ።

ቀጥሎ ለመውጣትና ለመውረድ የሚሰጠው ክብደት ይመጣል፦

(1.025 − 0.80) ÷ (1.25 − 0.80) = 0.50

ብዙ ጀማሪ እዚህ ይሳሳታል። ይህ ቁጥር አክሲዮኑ የመውጣት ዕድሉ ግማሽ ነው ማለት አይደለም፤ የማንንም ግምት አይዝም። አክሲዮኑ በአማካይ ልክ የባንክ ወለድ ያህል እንዲያድግ የሚያደርግ ክብደት ነው። ኩባንያው ያድጋል ብሎ የሚያምን ሰው 0.7 ቢያስገባበት የሚወጣው ዋጋ ስህተት ይሆናል፤ ለምን እንደሆነ ከታች የሻጩ ሒሳብ ያሳያል።

ስሌቱ ከመጨረሻው ይጀምርና ወደ ኋላ ይመለሳል። በመጨረሻዎቹ አራት አንጓዎች ፑቱ የሚያወጣው ግልጽ ነው፦ በ195.31 እና በ125 ዜሮ፣ በ80 ሃያ ዶላር፣ በ51.20 ደግሞ 48.80።

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ። በ156.25 ላይ ከፊት ያሉት ሁለቱም ዜሮ ስለሆኑ ፑቱ ዋጋ የለውም። በ100 ላይ የዜሮና የ20 አማካይ 10 ነው፤ ከስድስት ወር በኋላ የሚገኝ ገንዘብ ስለሆነ በ1.025 ሲካፈል 9.76 ይሆናል። ቁም ነገሩ ያለው በ64 ላይ ነው። ባለመብቱ ቢጠብቅ የ20 እና የ48.80 አማካይ 34.40 ነው፤ በ1.025 ሲካፈል 33.56። አሁኑኑ ቢሸጥ ግን 100 ተቀብሎ 64 የሚያወጣውን ይሰጣል፣ 36 ያገኛል። ስለዚህ በዚህ አንጓ የሚጻፈው 33.56 ሳይሆን 36 ነው።

የ2.44 ዶላሩ ልዩነት ከየት መጣ? በ64 ላይ የቆመ አክሲዮን ቀጥሎ ቢወጣም 80 ነው፤ ቢወርድም 51.20። በሁለቱም መንገድ ፑቱ ሥራ ላይ መዋሉ አይቀርም፣ መጠበቅ የሚጨምረው ምርጫ የለም። የሚቀረው የ100 ዶላሩ የስድስት ወር ወለድ ብቻ ነው፤ 2.50፣ በዚያ አንጓ ጊዜ ዋጋ 2.44። የሚዘገይ ሰው ይህን ወለድ ለፑቱ ሻጭ በነፃ ይተውለታል።

ወደ መጀመሪያው እርምጃ ስንመለስ፣ በ80 ላይ ውሳኔው ይገለበጣል። አሁን ቢሸጥ 20 ያገኛል። ቢጠብቅ የ9.76 እና የ36 አማካይ በ1.025 ተካፍሎ 22.32 ነው። ከ80 ተነሥቶ ወደ 100 መመለስ ስለሚቻል፣ ሸጦ የመጸጸት አደጋ አለ፤ መብቱን ይዞ መቆየት ከወለዱ ይበልጣል። በ125 ላይ ያለው 4.76 ነው። በዛሬው አንጓ የ4.76 እና የ22.32 አማካይ በ1.025 ሲካፈል 13.21 ዶላር ይወጣል። በአሜሪካ ገበያ አንድ ውል መቶ አክሲዮን ስለሚሸፍን ገዢው ወደ 1,321 ዶላር ይከፍላል ማለት ነው።

ያንኑ ዛፍ ያለ ማወዳደሩ፣ ማለትም በ64 ላይ 33.56 ጽፎ ያሰላ ሰው 12.63 ያገኛል። ያ የአውሮፓዊው ዋጋ ነው። ሃምሳ ስምንት ሳንቲሙ በአንዲት አንጓ ላይ ቀድሞ የመሸጥ መብት ዋጋ ነው። ኮምፒውተር ላይ የተጻፈ ስሌት ሲበላሽም ብዙ ጊዜ በዚሁ ይታወቃል፦ አሜሪካዊው ከአውሮፓዊው ካነሰ፣ ወይም በየትኛውም አንጓ አሁን ተሽጦ ከሚገኘው ካነሰ፣ ማወዳደሩ ተዘሏል ወይም ተሳስቷል።

አሁን የሻጩ ሒሳብ። 13.21 የተቀበለው ሻጭ አክሲዮኑ ወዴት እንደሚሄድ መገመት አያስፈልገውም። ከመጀመሪያው እርምጃ በኋላ በሚኖሩት በሁለቱ የፑት ዋጋዎች፣ በ22.32 እና በ4.76፣ መካከል ያለውን ልዩነት፣ 17.56ን፣ በአክሲዮኑ ልዩነት በ45 ያካፍልና 0.39 ያገኛል። ያን ያህል አክሲዮን ተበድሮ በ39.02 ይሸጣል፤ ከተቀበለው ጋር 52.23 ባንክ ያስገባል። ከስድስት ወር በኋላ 53.54 ይሆናል። አክሲዮኑ 125 ከደረሰ የተበደረውን ለመመለስ 48.78 ያወጣና 4.76 ይቀረዋል፤ 80 ከወረደ 31.22 ያወጣና 22.32 ይቀረዋል። በሁለቱም በኩል በእጁ የቀረው ፑቱ በዚያ አንጓ የሚያወጣው ልክ ነው። ፑቱ በሌላ ዋጋ ቢሸጥ ኖሮ አንደኛው ወገን ያለ ምንም አደጋ ገንዘብ ያነሣ ነበር። የ0.7 ግምት ቦታ ያጣው ለዚህ ነው።

ሦስት እርምጃ ለማስተማር እንጂ ለመነገድ አይበቃም። በተመሳሳይ ወለድና መዋዠቅ የብላክና ሾልስ ቀመር ለአውሮፓዊው 11.47 አካባቢ ይሰጣል፤ የእኛ ዛፍ ከአንድ ዶላር በላይ አጋንኗል። እርምጃው ሲበዛና በዚያው ልክ ሲያጥር ስህተቱ ይጠባል። ግን እየተንገዳገደ ነው የሚጠባው፦ የአክሲዮኑና የውሉ ዋጋ እኩል ሲሆኑ ጎዶሎ ቁጥር እርምጃ ከፍ፣ ሙሉ ቁጥር ዝቅ ያደርጋል። ስለዚህ ብዙዎች ለምሳሌ የ100 እና የ101 እርምጃ ውጤት ያወጡና አማካዩን ይወስዳሉ።

የትርፍ ክፍፍል ሲመጣ ደግሞ ያችው የ64ቷ አንጓ ሐሳቧን ልትቀይር ትችላለች። ክፍፍሉ ሲከፈል የአክሲዮኑ ዋጋ በዚያው መጠን ስለሚወርድ ፑት የያዘ ሰው ይጠቀማል። በመጨረሻዎቹ ስድስት ወራት የሚከፈለው ክፍፍል በዚያች አንጓ ጊዜ ዋጋ ከ2.44 ዶላር ከበለጠ፣ መጠበቁ ከ36 በላይ ያወጣል፤ ባለመብቱም ክፍፍሉ እስኪያልፍ ፑቱን ይዞ ይቆያል።